ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ማገዶስ?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ሙቀት ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ ጣዕም ትክክል ነው። ማገዶው ላይ ግን የጉልቻው ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ማገዶ ለቅመውና ተሸክመው የሚመጡት እናቶቻችንና እህቶቻችን ስለሆኑ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ አስልተን እንየው።

ጥያቄያችን ይህ ነው፦ 2 ሊትር ውሃ ለማፍላት ስንት ግራም እንጨት ይበቃል?

ለስሌቱ አንድ ቀመር ያስፈልገናል፦

Q = m × c × ΔT

Q የሚያስፈልገው ሙቀት ነው፤ የሚለካው በጁል ነው። m የዕቃው መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም ነው። ΔT ደግሞ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደጨመረ ይነግረናል። c የሚባለው ስፔሲፊክ ሂት ካፓሲቲ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የዚያን ዕቃ 1 ኪሎ ግራም በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ማለት ነው። ለውሃ 4,200 ጁል፣ ለአሉሚኒየም 900 ጁል፣ ለብረት ደግሞ 450 ጁል ገደማ ነው። ከእነዚህ መካከል ለመሞቅ አስቸጋሪው ውሃ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? «100 ዲግሪ» ብላችሁ መልሳችሁ ይሆናል። 100 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። የእኛ አካባቢ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እኛ ጋ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የተቀዳው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ΔT = 94 − 20 = 74 ይሆናል።

የ2 ሊትር ውሃ መጠነ ቁስ 2 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ፦

ውሃው፦ 2 × 4,200 × 74 = 621,600 ጁል

ድስቱም አብሮ ይሞቃል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ፦

ድስቱ፦ 0.5 × 900 × 74 = 33,300 ጁል

ድምር፦ 654,900 ጁል

በደንብ የደረቀ 1 ግራም እንጨት ሲቃጠል ወደ 16,000 ጁል ይሰጣል። 654,900ን ለ16,000 ስናካፍል 41 ግራም ገደማ ይወጣል። ይህ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያዝ ፍልጥ ነው! ግን በዚህች ብቻ 2 ሊትር ውሃ ያፈላ ሰው አይታችኋል? አላያችሁም። ምክንያቱም በሦስት ጉልቻ ላይ ከማገዶው ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ ብቻ ነው። 10 እጁ ገባ ብንል የሚያስፈልገው እንጨት 410 ግራም ገደማ ይሆናል። የቀረው 90 እጅ የት ገባ? ሙቀት በሚጓዝባቸው በሦስቱ መንገዶች አምልጧል።

አንደኛው ራዲየሽን ነው። እሳት ዳር ስትቀመጡ ፊታችሁንና እግራችሁን የሚያሞቃችሁ እሱ ነው። ይህ ሙቀት ምንም ነገር ሳይነካ እንደ ብርሃን በቀጥታ ይጓዛል። ፍሙ ወደ ድስቱ ብቻ ሳይሆን ወደ አራቱም አቅጣጫ ይሰጣል፤ እናንተን ያሞቀው ሙቀት ድስቱ ያልደረሰው ሙቀት ነው።

ሁለተኛው ኮንቬክሽን ነው። ፈሳሽና ጋዝ ሲሞቁ ቀለል ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቀዝቃዛው በቦታቸው ይተካል። ድስቱ ውስጥ ይህ ይጠቅመናል፤ ከታች የሞቀው ውሃ እየወጣ የላዩ ስለሚወርድ ውሃው ሁሉ ይሞቃል። ከድስቱ ውጭ ግን ይጎዳናል። ትኩሱ ጋዝ በጉልቻዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ነፋስ ካለ ደግሞ ነበልባሉን ጭራሽ ከድስቱ ሥር ገፍቶ ያወጣዋል።

ሦስተኛው ኮንዳክሽን ነው። ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማለት ነው። የብረት ማንኪያ ወጥ ውስጥ ቢቆይ እጅ ያቃጥላል፤ የእንጨት ማማሰያ ግን አያቃጥልም፤ ብረት ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል፣ እንጨት አያስተላልፍም። በኮንዳክሽን ሙቀቱ በድስቱ ቂጥ አልፎ ውሃው ጋ ይደርሳል፤ ግን ወደ ድንጋዮቹና ወደ መሬቱም ይገባል።

እንግዲህ ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ፣ ለምሳሌ ለእንጀራ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ፣ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ግድግዳው ነፋስን ይከለክላል፣ ትኩሱን ጋዝ ከማሞቂያው ሥር ያቆየዋል፣ በራዲየሽን የሚያመልጠውንም ያግዳል። ለድስታችንም የተዘጋ ምድጃ ሠርተን ከመቶ 20 እጅ ቢገባልን፣ የሚያስፈልገን እንጨት ከ410 ወደ 205 ግራም ይወርዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚያፈላ ቤት በ30 ቀን 12 ኪሎ ከሸክም ይቀነሳል ማለት ነው።

ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የምድጃው አፍ በጣም ከጠበበ አየር ያጥራል፣ ጭስ ይበዛል። ጭስ ደግሞ ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው፤ ዓይንና ሳንባንም ይጎዳል። ሌላው፣ ወፍራም ግድግዳ ራሱ መጀመሪያ መሞቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአጭር ሥራ፣ ለምሳሌ ለአንድ ጀበና ቡና፣ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ትርፉ የሚታየው ብዙ ሲጋገር ወይም ሲበሰል ነው።

እርጥብ እንጨትስ? በደንብ ያልደረቀ 1 ኪሎ እንጨት ውስጥ 300 ግራም ውሃ ሊኖር ይችላል። እሳቱ ይህን ውሃ አሙቆ ማትነን አለበት። 1 ኪሎ የፈላ ውሃ ለማትነን ብቻ 2,260,000 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። እናስላ፦

ለማሞቅ፦ 0.3 × 4,200 × 74 = 93,240 ጁል

ለማትነን፦ 0.3 × 2,260,000 = 678,000 ጁል

ድምር፦ 771,240 ጁል

ከላይ 2 ሊትር ውሃችንን ከነድስቱ ለማፍላት ካስፈለገው ይበልጣል! በዚያ ላይ እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ይብሳል። እርጥብ እንጨት በጫፉ አረፋ እያወጣ ሲንሿሿ ይታወቃል። የደረቀው ግን ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

የመጨረሻው ነጥብ፦ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨመር ከ94 ዲግሪ አያልፍም። የተጨመረው ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ንፍሮውም ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስና ድስቱን መክደን ነው።

መልመጃ፦ 2 ኪሎ ግራም ብረት ከ20 ወደ 94 ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ጁል ያስፈልጋል? ከ2 ሊትሩ ውሃ ጋር አወዳድሩ።

መልስ፦ 2 × 450 × 74 = 66,600 ጁል። ውሃው ከብረቱ ከ9 እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ቀጥቃጮች የጋለ ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ብረቱ ወዲያው ቀዝቅዞ ውሃው ግን ጥቂት ብቻ የሚሞቀው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።