ማሞቂያ ሲበራ አፍንጫ ለምን ይደርቃል? አፍንጫ አየርን እንዴት ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ያጣራል?

በፋርመርስ ብራንችና በአካባቢው ቅዝቃዜ ሲገባ ብዙ ታካሚዎች ተመሳሳይ ችግር ይዘው ወደ ክሊኒክ ይመጣሉ። ጠዋት ሲነሱ አፍንጫቸው ደርቆ ቅርፊት ይዟል፣ ጉሮሮአቸው ይከረክራል፣ ሲናፈጡ ደም ያያሉ። አንዳንዶቹ «አዲስ አበባም በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ እዚያ ግን ነስር አያውቀኝም ነበር» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱን ለማግኘት አፍንጫዎ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

የአንድ ሌሊት ሒሳብ

ውጭ 32 ዲግሪ ፋራናይት (0 ሴንቲግሬድ) ነው እንበል። እንዲህ የቀዘቀዘ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም፤ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ውሃ ቢበዛ 5 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህ አየር ወደ ቤትዎ ገብቶ ማሞቂያው ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይት (21 ሴንቲግሬድ) ያሞቀዋል። ማሞቂያው ሙቀት ይጨምራል እንጂ ውሃ አይጨምርም። ስለዚህ የክፍሉ እርጥበት ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። በአዲስ አበባ አብዛኛው ቤት ማሞቂያ የለውም። የቤቱ አየር ከውጭው ብዙም ስለማይሞቅ በዚህ መንገድ አይደርቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሳንባ ግን ይህን አየር እንዳለ ሊቀበለው አይችልም። ጥልቅ ወደሆነው የሳንባ ክፍል የሚደርስ አየር 98.6 ዲግሪ ፋራናይት (37 ሴንቲግሬድ) የሞላው፣ በሊትር 44 ሚሊግራም ያህል ውሃ የያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር አየር ሰውነትዎ ወደ 39 ሚሊግራም ውሃ ከራሱ ይጨምራል። ተኝቶ ያለ ትልቅ ሰው በደቂቃ ወደ 6 ሊትር አየር ቢተነፍስ፣ በስምንት ሰዓት ውስጥ ወደ 2,900 ሊትር ይሆናል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ውሃ 110 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ተኩል የቡና ሲኒ ያህል ነው። አብዛኛውን የሚያቀርበው አፍንጫ ነው፤ የቀረውን ጉሮሮና ትልቁ የአየር ቧንቧ ይጨምራሉ።

አፍንጫ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው?

የአፍንጫ ውስጠኛ ክፍል ባዶ ቧንቧ አይደለም። በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት የተጠቀለሉ ስስ አጥንቶች ከጎን ወደ ውስጥ ወጥተዋል። ሐኪሞች ተርቢኔት ይሏቸዋል። በላያቸው ያለው እርጥብ ሽፋን በደም ሥሮች የተሞላ ነው። አየሩ በእነዚህ መካከል ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ሲያልፍ ሁሉም ክፍሉ ማለት ይቻላል ከሞቃቱና ከእርጥቡ ሽፋን ጋር ይነካካል። ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ቢሆንም አብዛኛውን ሙቀትና እርጥበት እዚያው ያገኛል።

ስንተነፍስ አየሩ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። የገባው ቀዝቃዛ አየር ሽፋኑን አቀዝቅዞታል። ከሳንባ የሚመለሰው ሞቃትና እርጥብ አየር በዚህ ቀዝቃዛ ሽፋን ላይ ሲያልፍ ውሃው ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ የድስት ክዳን ላይ እንደሚቋጠረው ላብ ማለት ነው። በዚህ መንገድ አፍንጫ ከሰጠው ውሃ ሩቡን ወይም ሢሶውን ያህል መልሶ ይወስዳል። በአፍ የሚተነፍስ ሰው ይህን ብዙም አያገኝም። አፍንጫው ታፍኖ አፉን ከፍቶ ያደረ ሰው ጉሮሮው ደርቆ የሚነሣው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንዱ ቀዳዳ ታፍኖ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያኛው ቢታፈን ሕመም አይደለም። ሽፋኑ በየተራ ያብጣል፣ በየተራ ይሟሽሻል።

አፍንጫ ሲታለፍ ምን እንደሚሆን በሆስፒታል በግልጽ ይታያል። በሀገር ቤት ነርሲንግ ስንማር ከመጀመሪያ ጥንቃቄዎች አንዱ ይህ ነበር፤ በአንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሚተነፍስ ሕመምተኛ አየሩ ካልረጠበለት አክታው ይጠጥርና ቱቦውን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው በቱቦው አፍ ላይ «ሰው ሠራሽ አፍንጫ» የሚባል ትንሽ መሣሪያ የሚገጠመው። የሚወጣውን እርጥበት ይዞ ለሚገባው አየር ይመልሳል። አስም ያለበት ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥመዋል። በብርድ ማለዳ እየሮጠ ወይም ዕቃ እየጫነ በአፉ በብዛት ሲተነፍስ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ወደ ታችኛው ቧንቧ ስለሚወርድ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፤ ሳልና ፉጨት ይጀምራል። አስም ካለብዎት በብርድ ሲወጡ አፍና አፍንጫዎን በሻሽ ወይም በነጠላ ይሸፍኑ። ጨርቁ ሙቀትና እርጥበት መልሶ በመስጠት አፍንጫን ያግዛል። ሐኪም ያዘዘልዎትን መንፊያ ግን አይተካም።

ሽፋኑ ሲደርቅ

ከፊት ለፊት፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ስስ የደም ሥሮች የሚገናኙበት ቦታ አለ። ደረቁ አየር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱን በጣት ሲያነሱት ይደማል። አብዛኛው ነስር ከዚህ ቦታ ነው።

ነስር ሲመጣ በሀገራችን ልማድ ራስን ወደ ኋላ ማዘንበልና በአናት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ይህን አያድርጉ። ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ያስታውካል፣ ያንቃልም። ቁጭ ብለው ጥቂት ወደ ፊት ያጎንብሱ። ከአጥንቱ በታች ያለውን የአፍንጫ ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጠበቅ አድርገው ይያዙና በአፍዎ ይተንፍሱ። ሰዓት እያዩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ይቆዩ። ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው መልቀቅ ደሙ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ይዘውት፣ በጠቅላላው 30 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ነስሩ የመጣው ከጭንቅላት ምት በኋላ ከሆነ ግን ይህን ያህል አይጠብቁ።

ድርቀቱን ለመቀነስ በመጀመሪያ የክፍልዎን እርጥበት ይለኩ። መለኪያው ትንሽና ርካሽ ነው። ከ30 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሂውሚዲፋየር ያግዛል፤ ነገር ግን ከ50 በመቶ በላይ ካደረሱት ሻጋታና የአቧራ ተባይ ይራባሉ። ዕቃው በየጊዜው ካልታጠበም ሻጋታን ራሱ ይረጫል። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ተራ የጨው ውሃ መርጫ ወይም ጄል ለአፍንጫ መግቢያ በቂ ነው። ዘይት ወይም ቅቤ ወደ አፍንጫ በተለይም ወደ ሕፃን አፍንጫ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣል።

አፍንጫቸውን በብዙ ውሃ ለሚያጥቡ ሰዎች ውሃው ወሳኝ ነው። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ደኅና ቢሆንም ለአፍንጫ አይሆንም። በሆድ ውስጥ የማይጎዳ፣ በአፍንጫ ግን ወደ አንጎል ሊደርስ የሚችል አሜባ አልፎ አልፎ ይኖርበታል። በቴክሳስ አንዲት የ71 ዓመት ሴት በካምፕ ተሽከርካሪ የቧንቧ ውሃ አፍንጫቸውን ካጠቡ በኋላ በዚህ ምክንያት ሞተዋል፤ የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በ2025 ዘግቦታል። «ዲስቲልድ» ወይም «ስቴራይል» የሚል የተጻፈበትን ውሃ ይግዙ፣ ወይም የቧንቧውን ውሃ አንድ ደቂቃ ሙሉ ካፈሉት በኋላ አቀዝቅዘው ይጠቀሙ።

ሲታፈኑ ቶሎ የሚከፍቱ መርጫዎችም አሉ። የሚሠሩት በሽፋኑ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። ከሦስት ቀን በላይ ከተጠቀሙባቸው መድኃኒቱ ሲያልቅ ሥሮቹ ከበፊቱ ይበልጥ ያብጣሉ፤ ሰውየውም መርጫውን መተው ያቅተዋል።

የሚያጣራውና የማያጣራው

በመግቢያው ያሉት ጸጉሮች ትልልቁን ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ንፍጡ ይጠብቃል። አየሩ በተርቢኔቶቹ ዙሪያ ሲጠመዘዝ ከባዱ ብናኝ መታጠፍ አቅቶት ንፍጡ ላይ ይለጠፋል። ከሽፋኑ የበቀሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮች በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን፣ የሆድ አሲድም ይጨርሰዋል። ንፍጡ ሲደርቅ ይህ ማጓጓዣ ይዘገያል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በቴክሳስ የሚነሣው «ሴዳር ፊቨር» የዚህ ማጣሪያ ሥራ ውጤት ነው። ዛፉ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምናውቀው የጽድ ዘመድ ነው። የአበባው ብናኝ በአፍንጫ ለመያዝ የሚበቃ ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ለዚህም ነው ማስነጠሱ፣ ማሳከኩና ውሃ ማፍሰሱ በአፍንጫና በዓይን የሚበረታው። ስሙ ትኩሳት ቢልም ትኩሳት የለውም። እውነተኛ ትኩሳት ካለዎት ምክንያቱ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ በአስተርጓሚነት የማየውን ልንገርዎ። ብዙ ሰው ለድርቀቱም፣ ለአለርጂውም፣ ለጉንፋኑም «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። ሐኪሙ የሚሰማው ግን አንድ የተለየ በሽታ ነው፤ ያላስፈለገ አንቲባዮቲክም ሊታዘዝ ይችላል። የበሽታ ስም ከመጥራት ይልቅ የሚሰማዎትን ይንገሩ። ይደርቃል ወይስ ውሃ ይፈስሳል? ያሳክካል? ንፍጡ ምን ዓይነት ነው? ትኩሳት አለ? ከተጀመረ ስንት ቀን ሆነው? ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ የሚታፈን ወይም የሚደማ ከሆነ ይህን ሳይናገሩ አይውጡ፤ መታየት አለበት።

የጭስ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የዕጣንና የሚቆላ ቡና ጭስ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ከአየሩ ጋር እየታጠፉ አፍንጫን አልፈው ሳንባ ይገባሉ። መስኮት ይክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ዕጣኑ ይቅር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አፍንጫ አያግደውም፣ አያስጠነቅቅምም። በየካቲት 2021 በቴክሳስ መብራት ጠፍቶ ብርዱ ሲበረታ ብዙ ሰዎች በቤት ውስጥ ከሰል በማንደድ፣ በጄኔሬተርና በተነሣ መኪና ጭስ ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። በአፓርታማ ውስጥ ለቡናም ቢሆን በከሰል ምትክ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀሙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በመኝታ ክፍል አጠገብ ይስቀሉ። እቤት ያላችሁ ሰዎች አብራችሁ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ 911 ደውሉ።