ዲማን ለቴሌቪዥን መንደፍ፦ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ ወደ ተከታታይ ድራማ መሪ ሰነድ መለወጥ

መግቢያ

የተከታታይ ድራማ መሪ ሰነድ፣ በሙያው አጠራር «ባይብል»፣ አንድ የድራማ ሐሳብ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቀርብ የታሪኩን ዓለም፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ የምዕራፉን የታሪክ ጉዞና የየክፍሉን ቢጋር የሚይዝ ጽሑፍ ነው። ሰነዱን የሚያነብ የጣቢያ ኃላፊ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ታሪኩ የታቀዱትን ክፍሎች ሁሉ ይሸከማል ወይ? የተለያዩ ጸሐፊዎች ቢካፈሉትስ አንድ ዓይነት ዓለም ይጽፋሉ ወይ?

ምንጩ የታወቀ ልቦለድ ሲሆን ሰነዱ በቀላሉ የመጽሐፉ ማጠቃለያ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ችግሩን በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይመረምራል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልቦለድ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተደምጧል፤ በሰውመሆን ይስማው ዳይሬክተርነትም ለተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማነት በቅቷል። እዚህ የሚቀርበው ንድፍ ግን ለጥናት የተሠራ ባለ 10 ክፍል ምሳሌ እንጂ የተጠቀሰው ድራማ ትንታኔ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ የሕግ ጉዳይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ጥበቃው እስከ 2046 ዓ.ም. ይዘልቃል። ስለዚህ ከልቦለዱ የሚነሣ ሰነድ ከመጀመሪያው ገጹ ጋር የወራሾችን የጽሑፍ ፈቃድ ማያያዝ አለበት።

ዓለሙ፦ ከመልክዓ ምድር ወደ ሕግ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በትምህርቱ የታወቀ ገዳም ነው። ብዙ የሰነድ ረቂቆች የዓለሙን ክፍል በደጋው ውበት፣ በቤተ ክርስቲያኑና በአልባሳቱ መግለጫ ይሞሉታል። መግለጫው ለዲዛይን ባለሙያ ይጠቅማል፤ ታሪክ ግን አያመነጭም። ታሪክ የሚያመነጨው ሰዎቹ የሚገዙለት ሕግ ነው።

የልቦለዱ ዲማ በሁለት ሕጎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው የዘር ሕግ ነው፤ ሰው ከትውልዱ በላይም በታችም አይጋባም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጡት በዚህ ሕግ ነው። ሁለተኛው የስለት ሕግ ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል ሰጪው ቢሞት እንኳ አይሻርም። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በእናቱ ስለት ነው። የመጀመሪያውን ሕግ ሰዎች ያስከብሩታል፤ ሁለተኛውን በዛብህ በራሱ ኅሊና ይሸከመዋል። ሰነዱ እያንዳንዱን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ጠባቂውን መለየትና የጣሰው ሰው የሚከፍለውን ዋጋ መግለጽ ይኖርበታል።

የዓለሙ ክፍል መሥራቱ የሚታወቀው በቀላል ፈተና ነው። በልቦለዱ የሌለ ሰው፣ ለምሳሌ ለድግስ የሚያቀርበው ሙክት የሌለው አንድ ገበሬ፣ በእነዚህ ሕጎች መካከል ይቀመጥ። ሕጎቹ ብቻ የአንድ ክፍል ግጭት ካስገኙ ዓለሙ ተነድፏል፤ ካላስገኙ የተጻፈው የመልክዓ ምድር መግለጫ ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በጎጃም ደጋ ሰፍኖ የነበረው የርስትና የጉልት ሥሪት ከደቡቡ የጭሰኝነት ሥርዓት ይለያል። ባለርስቱ መሬቱን በትውልድ መብት ይይዛል፤ ጉልተኛው ግብርና አገልግሎት ይቀበላል። ይህ ልዩነት በሰነዱ ካልሰፈረ አንዱ ጸሐፊ ገበሬውን በማንኛውም ሰዓት ሊባረር የሚችል አድርጎ ይስለዋል፤ ሌላው በአባቶቹ መሬት ላይ ቆሞ የሚከራከር ያደርገዋል። በአበጀ በለው የሚመራው ዓመፅ ትርጉሙ በሁለቱ አንድ አይሆንም።

ገጸ ባሕርያቱ፦ የአጠራር ሰንጠረዥ

የገጸ ባሕርይ ገጽ ብዙውን ጊዜ ፍላጎትን፣ ፍርሃትንና የውስጥ ቅራኔን ይይዛል። ለአማርኛ ድራማ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ማን ማንን «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» እንደሚል የሚያሳይ ሰንጠረዥ።

በዚህ ንድፍ ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን «አንተ» ይሉታል፤ እርሱ «እርስዎ» ይላቸዋል። ሰብለ ወንጌል በዘር ትበልጠዋለች፤ እርሱ ግን መምህሯ ነው። ስለዚህ ሁለቱም በ«እርስዎ» ይነጋገራሉ፤ አንዱ ስለ ትምህርት፣ ሌላው ስለ ዘር። ጉዱ ካሣ ከእመቤቲቱ ከወይዘሮ ጥሩአይነት ጋር ዝምድና ስላለው ቤቱን ከውስጥ ሆኖ ይተቻል፤ አጠራሩንም እንደ ሰውየው ማዕረግ ሳይሆን እንደ ምግባሩ ይመርጣል። ሰንጠረዡ እንዲህ ከተሠራ ሰብለ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» የምትልበት ቅጽበት ያለ ሙዚቃና ያለ ማብራሪያ የፍቅሩ መገለጫ ይሆናል። ሰንጠረዡ ከሌለ ግን አንዱ ጸሐፊ በክፍል 2 «አንተ» ያስብላታል፤ ሌላው በክፍል 5 ወደ «እርስዎ» ይመልሳታል፤ መታጠፊያውም ይጠፋል።

የምዕራፉ ጉዞ

ልቦለዱ ከበዛብህ ወላጆች ተነሥቶ በዝግታ ወደ ዲማ ይደርሳል። በመጽሐፍ ይህ ሀብት ነው፤ በቴሌቪዥን ግን ተመልካቹ ሁለቱን ፍቅረኞች ሳያገናኝ ለበርካታ ሳምንታት ይጠብቃል። ስለዚህ ንድፉ በፊታውራሪ ቤት ይጀምርና በክፍል 1 መጨረሻ በዛብህን ያስገባዋል። ልጅነቱ እንደ ትዝታ አይተረክም፤ ስለቱ ብቻ በክፍል 4 ለሰብለ ሲነገራት ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ያለፈው ታሪክ የአሁኑን ግንኙነት ይለውጣል።

ሁለተኛው ችግር መጨረሻው መታወቁ ነው። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ በአንድ መቃብር እንደሚያርፉ አብዛኛው ተመልካች ያውቃል። ስለዚህ የምዕራፉ ጥያቄ «ምን ይሆናሉ?» ሊሆን አይችልም፤ «ማን ሊያድናቸው ይችል ነበር?» መሆን አለበት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው በሩን ለመክፈት ዕድል አግኝቶ የሚዘጋበት ይሆናል። ምዕራፉ በበዛብህ ሽሽት ይጠናቀቃል፤ የሰብለ ጉዞና መቃብሩ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆያሉ።

የአንድ ክፍል ቢጋር

ክፍል 6 ፊታውራሪ በዓመፀኞቹ ላይ የዘመቱበት ነው። ጦርነቱን በቀጥታ ማሳየት ፈረስ፣ ብዙ ተዋናይና የሜዳ ቀረጻ ይጠይቃል። ቢጋሩ ግን ካሜራውን ከወይዘሮ ጥሩአይነትና ከሰብለ ጋር በእልፍኝ ያቆየዋል።

በመክፈቻው ዘማቹ ይወጣል፤ ትምህርቱም ጠባቂ ስለቀነሰ ነፃ ይሆናል። በመካከሉ ሁለት መልእክተኞች የሚቃረን ወሬ ያመጣሉ፤ ሰብለ የአባቷን ደኅንነትና የራሷን ነፃነት በአንድ ላይ መመኘት እንደማትችል ትረዳለች። በመታጠፊያው የፊታውራሪ መማረክ ይረጋገጣል። ወይዘሮ ጥሩአይነት ምክር ፍለጋ ወደ ጉዱ ካሣ ይልካሉ፤ እርሱም ገበሬዎቹን ለመስማት ፈቃደኛ እንዲሆኑ ይጠይቃቸዋል፤ እምቢ ይላሉ። የዚህ ክፍል በር የተዘጋው በዚህ ነው። መዝጊያው ባዶው የፊታውራሪ መቀመጫና ወደ እርሱ ቀና ብሎ ማየት የማይደፍር አሽከር ነው።

ቢጋሩ ወደ ሁለት ገጽ ይሆናል። ብቃቱ የሚለካው መጨረሻው ከመጀመሪያው በምን እንደሚለይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ በመቻሉ ነው፤ እዚህ፣ በጥዋት የቤቱ ኩራት የነበረው ማዕረግ በማታ የሚያሳፍር ሸክም ሆኗል። እንዲህ ያለ ለውጥ የሌለው ክፍል ከምዕራፉ ቢወጣ የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ማጠቃለያ

የዲማ ምሳሌ እንደሚያሳየው ከልቦለድ የሚነሣ መሪ ሰነድ መጽሐፉን ማሳጠር የለበትም፤ የመጽሐፉን ሕጎች አውጥቶ ለሌላ ጸሐፊ ማስረከብ አለበት። ንድፉ ወሰን አለው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ተራኪ ድምፅ፣ ቀልዱና ትዝብቱ በቢጋር ሊያዝ አይችልም፤ ከፊሉ ወደ ጉዱ ካሣ ንግግር ቢገባም ሌላው ይቀራል። ይህ መጉደል በሰነዱ ውስጥ በግልጽ ቢሰፍር ጣቢያው የሚገዛው ልቦለዱን ሳይሆን ከልቦለዱ የተወለደ ሌላ ሥራ መሆኑን ከመነሻው ያውቃል።