ወለዱ ስንት በመቶ ነው? የገንዘብ ያዥ የዓመት መዝጊያ ንግግር

እቁብ ወለድ ስለማይከፍል ገንዘብ ያዡ መቶኛ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። የቁጠባና ብድር ቡድን ግን ከዚህ ይለያል። አባላት የቆጠቡትን ገንዘብ እርስ በርስ በወለድ ይበዳደራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻም ትርፉን ይከፋፈላሉ። ይህ አሠራር በ1991 እ.ኤ.አ. በኒጀር በኬር ድርጅት የተጀመረ ሲሆን፣ በምዕራብ ሐረርጌም ድርጅቱ አስተዋውቆታል።

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ሦስት አባላት ያሉት ቡድን አለ ብለን እናስብ። ነሐሴንና ጳጉሜን እንደ አንድ ወር እንቆጥራለን። የመጀመሪያዋ አባል መስከረም 1 ቀን 1,200 ብር አስገባች። ሁለተኛው በየወሩ መጀመሪያ 100 ብር ቆጠበ። ሦስተኛው ጫት ሸጦ ነሐሴ 1 ቀን 1,200 ብር በአንድ ጊዜ አስገባ። የሁሉም ቁጠባ እኩል 1,200 ብር ነው። ተሰብስቦ በሣጥኑ የገባው ወለድ ደግሞ 468 ብር ነው።

ገንዘብ ያዡ 468ን ለ3,600 አካፍሎ «ለሁላችሁም 13 በመቶ፣ 156 ብር ይደርሳችኋል» ቢል ስሌቱ ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን ጎደሎ ነው። የሦስተኛው አባል ገንዘብ የሠራው አንድ ወር ብቻ ነውና።

የመብራት ቆጣሪ ኃይልን በጊዜ አባዝቶ በኪሎዋት-ሰዓት እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ገንዘብንም በቆየበት ወር እናባዛው፤ መለኪያውንም «ብር-ወር» እንበለው። የመጀመሪያዋ 1,200×12=14,400 ይኖራታል። የሁለተኛው የመስከረም 100 ብር 12 ወር፣ የጥቅምቱ 11 ወር እያለ የነሐሴው 1 ወር ስለሚቆይ፣ ድምሩ 100×78=7,800 ይሆናል። የሦስተኛው 1,200 ነው። ጠቅላላው 23,400 ነው። 468ን ለዚህ ስናካፍል 0.02 እናገኛለን፤ ይህም በወር 2 በመቶ ማለት ነው።

አሁን ገንዘብ ያዡ እንዲህ ሊናገር ይችላል፦

«የተከበራችሁ አባላት፣ እያንዳንዱ ብር በሣጥናችን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ሳንቲም አፍርቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እህታችን 288 ብር፣ ማለትም የቁጠባዋን 24 በመቶ ታገኛለች። ሁለተኛው ወንድማችን 156 ብር፣ 13 በመቶ፤ ሦስተኛው 24 ብር፣ 2 በመቶ ያገኛሉ። መቶኛችሁ የተለያየው ገንዘባችሁ የቆየበት ጊዜ ስለተለያየ ነው፤ የወሩ ዋጋ ግን ለሁላችሁም አንድ ነው።»

288፣ 156 እና 24 ሲደመሩ 468 ይመጣሉ። ድምሩ ካልገጠመ ስሌቱ ተሳስቷል። ድምሩ ገጥሞ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ካነሰ ደግሞ፣ ያልተከፈለ ወለድ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቡድኖች ግን የሚያካፍሉት በዕጣ ብዛት ብቻ ነው። በኬር አሠራር አንድ አባል በአንድ ስብሰባ ከ1 እስከ 5 ዕጣ ብቻ እንዲገዛ የሚፈቀድ በመሆኑ፣ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማስገባት አይቻልም። ደንቡ ቀላል ስሌትን ከፍትሕ ጋር ያቀራርባል። ገደቡ በሌለበት ግን «ስንት በመቶ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የስንት ወር?» የሚለውም መነሣት አለበት።