«ልቤን ያመኛል» ሲሉሽ

ልጄ፣ የፊታችን ሰኞ ክሊኒክ ገብተሽ በሐኪምና በታማሚ መካከል ልትቀመጪ ነው። ፈተናውን አልፈሻል፤ የበሽታና የመድኃኒት ስም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ሃያ ዓመት ሳስተረጉም ያስቸገረኝ ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ እሱ መዝገበ ቃላት ላይ ይገኛል። ያስቸገረኝ ሰዎቻችን ሕመማቸውን የሚናገሩበት የቤት ቃል ነው። ስለዚህ የምጽፍልሽ ስለ እሱ ብቻ ነው።

1. የአካል ስም ስትሰሚ እጃቸውን እዪ።

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ስኳር ያለባቸው እናት ነበሩ። ነርሷ ምን እንደሚሰማቸው ስትጠይቃቸው «ከትናንት ማታ ጀምሮ ልቤን ያቃጥለኛል» አሉ። እኔም ሳላመነታ «ሀርትበርን» አልኩ። ቃሉ ልክክ ብሎ የገጠመ መሰለኝ፤ ልብም አለበት፣ ማቃጠልም አለበት። ነርሷ የጨጓራ አሲድ ነው ብላ ጻፈችና ተራ እንዲጠብቁ አደረገቻቸው። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ «የት ጋ ነው?» አላቸው። መዳፋቸውን ሙሉውን ደረታቸው መሃል ላይ ጣሉት፤ ከዚያ እስከ መንጋጋቸው ወሰዱት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። ኢሲጂ ተነሡ፤ በአምቡላንስም ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥርጣሬ ያለበት የደረት ሕመም ሲመጣ ኢሲጂው በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት። የእኔ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ያህል አስጠበቃቸው። ያን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስህተቱ በሌላውም በኩል አለ። ብዙ ሰው «ልቤን» ሲል ከደረት አጥንት በታች ያለውን የሆድ ጉድጓድ ማለቱ ነው። ዘወትር «ሀርት» ብለሽ ከተረጎምሽው ደግሞ ጨጓራ ያመመውን ሰው በልብ ምርመራ ታንከራትቺዋለሽ። አንዱን መርጠሽ መገመት ያንቺ ሥራ አይደለም። እንዲህ በዪ፦ «ዶክተር፣ አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች። የተጠቀሙበት ቃል በአማርኛ ልብንም የሆድን የላይኛውን ክፍልም ይጠራል። ቦታውን በእጃቸው እንዲያሳዩ ትጠይቃቸው?» ወዲያውም ለታማሚዋ በአማርኛ ምን እንደጠየቅሽ ንገሪያቸው፤ በላያቸው ላይ የማያውቁት ወሬ አይኑር። «አስተርጓሚዋ» የምትዪው «እኔ» የሚለው ቃል የታማሚው ስለሆነ ነው፤ ቀላቅለሽ ከተናገርሽ ሐኪሙ ማን እንደተናገረ ይጠፋዋል።

ቦታው ሲታወቅም «ኤፒጋስትሪክ» ለማለት አትቸኩዪ። «ከደረት አጥንት በታች፣ መሃል ላይ» ማለት ልክ ያንኑ ያህል ትክክል ነው፤ ቃሉም የታማሚዋ ሆኖ ይቆያል። «እግሬን» እና «እጄን» ላይም እንዲሁ ተጠንቀቂ። እግራችን ከጣት እስከ ጭን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «ፉት» እና «ሌግ» ብሎ ይከፍለዋል። ሐኪም ባት ላይ ያለ ሕመም ሲሰማ ደም ረግቶ ይሆን ብሎ ያስባል፤ ውስጥ እግር ላይ ያለውን ሲሰማ ሌላ ነገር ያስባል።

2. የሕመሙን ዓይነት አንድ በአንድ አሳልፊ፤ አትጠቅልዪው።

ለ12 ዓመት ስኳር የነበረባቸው አባት እንዲህ አሉ እንበል፦ «ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፤ ማታ ማታ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፤ ውርር ይለኛል፤ ከዚያ ይደነዝዛል።» የደከመ አስተርጓሚ «እግራቸው ያቃጥላቸዋል፣ በጣም ያማቸዋል» ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ የጠፋውን ልቁጠርልሽ። ሐኪሞች የነርቭ ሕመምን የሚለዩበት ዲኤን ፎር የሚባል መጠይቅ አለ፤ ፈረንሳዮች ሠርተው በ2005 ያሳተሙት ነው። ነጥቡ ከ10 ይያዛል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ከነርቭ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ማቃጠል አንድ ነጥብ ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘር ሌላ አንድ፤ መውረር አንድ፤ መደንዘዝ አንድ። እኚህ አባት ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ 4 አግኝተዋል። በዚያ የተጠቀለለ ትርጉም ግን የሚያገኙት 1 ብቻ ነው፤ ምናልባትም ተራ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ይመለሳሉ።

ቃል በቃል መተርጎምም እንዲሁ ያሳስታል። «ሆዴን ይቆርጠኛል» ሲሉ «ካቲንግ» ብትዪ ሐኪሙ በስለት የተቆረጠ ያህል የሚሰማ ሕመም አድርጎ ይወስደዋል። ቁርጠት ግን ጭብጥ አድርጎ የሚለቅ ነው፤ እንግሊዝኛው «ክራምፒንግ» ይለዋል። ቁርጥማት ደግሞ ሌላ ነው፤ መገጣጠሚያና አጥንት ውስጥ የሚሰማው «ኤኪንግ» ነው። ውጋትን «ስታቢንግ» በዪው፤ በዚያ አያሳስትሽም። ጎኑን የወጋው ሰው ሲተነፍስ ይብስበት እንደሆነ ግን ሐኪሙ ይጠይቅ እንጂ አንቺ ከራስሽ አትጨምሪ። ጥዝጠዛ ሁለት ዓይነት ነው። ከደም ምት ጋር የሚመታ ከሆነ «ትሮቢንግ» ነው፤ ሳያቋርጥ የሚያሰቃይ ብቻ ከሆነ «ኤኪንግ» ነው። ከቃሉ ብቻ ስለማይለይ ፈቃድ ጠይቀሽ ጠይቂ።

3. ሰዓቱን ቀይሪ።

«ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያስነሣኛል» ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ስትጣደፊ ያመልጥሻል። እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩ ሰዎች ደግሞ አንዳንዴ በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ፤ ከተጠራጠርሽ «ሊነጋ ሲል ነው ወይስ አመሻሹ ላይ?» ብለሽ አጣሪ። «ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል» የሚለውንም አትዝለዪው፤ ሕመሙ መጥቶ መሄዱን የሚናገር፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ነገር ነው።

4. ታማሚው በሽታውን ራሱ ቢሰይምም አንቺ አትሰይሚ፣ አታርሚ።

«ኩላሊቴን ያመኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጎኑን ወይም ወገቡን ይዞ ነው። «ኩላሊቴን» ካለ «ኪድኒ» ብለሽ አስተላልፊ፤ እጁ ያለበትን ሐኪሙ ካላየ ቦታው እንዲጠየቅ ሐሳብ አቅርቢ። «ብርድ መታኝ» የሚለው ይከብዳል። «ኮልድ» ብትዪው ጉንፋን ይሆናል፤ ሰውየው ግን ምናልባት ወገቡ ተይዞ ነው የመጣው። «ብርድ ነፍሶብኝ ነው የታመምኩት ይላሉ» ብለሽ እምነቱን እንደ እምነት አድርሺው፤ ከዚያ ምን እንደሚሰማቸው ሐኪሙ ይጠይቃል። ምችና መጋኛም እንዲሁ ናቸው፤ ቃሉን እንዳለ ተናግረሽ ማብራሪያውን ከታማሚው እንዲጠይቅ ለሐኪሙ ተዪለት።

5. ከዜሮ እስከ አስር ሲጠየቁ ቁጥሩን አንቺ አትሙዪላቸው።

ሐኪሙ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። አዛውንቷ ፊታቸው በላብ ተነክሮ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ይህን «አይ አም ፋይን» ብለሽ ካቆምሽ ዜሮ ይጻፍላቸዋል። በግምት «ስምንት» ብትዪ ደግሞ ያላሉትን አስባልሻቸው። ያሉትን በሙሉ፣ ምስጋናውንም ጭምር ተርጉሚ። ቀጥለሽም አስተርጓሚዋ እንደምትናገር ገልጸሽ፣ ይህ አነጋገር በእኛ ዘንድ ሰው እየታመመም ቢሆን የሚለው የምስጋና ልማድ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ጥያቄውን ይለውጠዋል፤ ትናንት እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ፣ ቡና ለማፍላት መነሣት ችለው እንደሆነ ይጠይቃል። ለዚያ ጥያቄ እናቶቻችን ሳያመነቱ ይመልሳሉ።