ያገለገለ ሶፋ ሽያጭ፤ ፎቶግራፍን አይቶ እውነተኛ ማስታወቂያ ስለ መጻፍ

በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ጓደኞቻችን የተከራዩትን ቤት ለቀው ወደየሥራቸው ቦታ ይሄዳሉ። ጠረጴዛውና ወንበሩ ቶሎ ሰው ያገኛል፤ ሶፋው ግን ያስቸግራል። ትልቅ ነው፤ ማጓጓዣው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገዢውም ለመምጣት ወይም ለመቅረት የሚወስነው በስልክ የተላኩለትን አራት አምስት ፎቶግራፎች ተመልክቶ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ መጻፉን ስለማይወድ ፎቶግራፎቹን ብቻ ለጓደኛው ልኮ «ማስታወቂያውን አንተ ጻፍልኝ» ይላል። እንግዲህ ሶፋውን በዓይናችን ሳናይ፣ እጃችንን ሳናሳርፍበት፣ ስለ እርሱ ምን ለማለት እንችላለን? ምንስ ለማለት አንችልም? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገዢው ብዙውን ጊዜ እንደ እኛው ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው። መኪና ተከራይቶ፣ ጫኝና አውራጅ ይዞ ከከተማው ማዶ ከመጣ በኋላ መቀመጫው የጎደጎደ ሆኖ ቢያገኘው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ የመኪናውን ኪራይ ከስሮ ባዶውን ይመለሳል፤ ወይ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዋጋውን በግማሽ ይሰብራል። ሻጩም በማግሥቱ ቤት የሚለቅ ከሆነ በተሰበረው ዋጋ ከመስጠት በቀር መንገድ የለውም። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ኀላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ ጉድለቱን አስቀድሞ መጻፍ ለሁለቱም ይበጃል።

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ሳይሆን መመልከት ነው። አንድ ወረቀት ወስደን በሦስት ዐምድ እንከፍለዋለን። በአንደኛው ላይ «የታየ»፣ በሁለተኛው ላይ «የተገመተ»፣ በሦስተኛው ላይ «ፎቶግራፍ የማያሳየው» ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያየን እያንዳንዱን ነገር በቦታው እናሰፍራለን። ይህን ክፍፍል የማያደርግ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው በሁለተኛው ዐምድ ላይ ነው፤ የገመተውን እንዳየው አድርጎ ይጽፋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ቡናማ የጨርቅ ሶፋ ነው እንበል። አምስት ፎቶግራፎች ተልከውልናል።

በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሶፋው ከፊት ለፊት ይታያል። ከዚህ የምናገኘው ቅርጹንና የመቀመጫውን ቁጥር ነው። መጠኑንስ? ወለሉ የሸክላ ንጣፍ ስለሆነ ንጣፉን መቁጠር ይቻላል። ነገር ግን የሚቆጠረው የፊት እግሮቹ በቆሙበት መሥመር ላይ ያለው ንጣፍ ነው፤ በግድግዳው በኩል ያለው ከካሜራው ስለሚርቅ አንሶ ይታያልና ስሌቱን ያበላሻል። ከእግር እስከ እግር አምስት ንጣፍ ቆጠርን፤ አንዱ ንጣፍ 40 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ባለቤቱ ለክቶ ነገረን፤ ስለዚህ ከእግር እስከ እግር 2 ሜትር ያህል ነው። የእጅ መደገፊያዎቹ ከእግሮቹ አልፈው ስለሚወጡ ሙሉው ርዝመት ከዚህ ይበልጣል። ይህ እንግዲህ ግምት ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሜትር አውጥቶ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን እንዲለካ እንጠይቀዋለን። ወርዱና ቁመቱ የሚያስፈልጉት ገዢው በቤቱ በርና በደረጃው ማለፍ አለማለፉን እንዲያውቅ ነው።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ካሜራውን በመቀመጫው ከፍታ ልክ ዝቅ አድርጎ የተነሣ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ፎቶግራፍ የመቀመጫን መጎድጎድ ይደብቃልና። በፎቶግራፉ ላይ ከመቀመጫው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የማስመሪያ ጠርዝ ብናጋድም የግራውና የቀኙ መቀመጫ ማስመሪያውን ይነካሉ፤ የመካከለኛው ግን ዝቅ ብሎ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ «የመካከለኛው መቀመጫ ረግቧል» የሚለው በ«የታየ» ዐምድ ይገባል። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም። ስፖንጁ ሟሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ሞላ ወይም ቀበቶ ላልቶም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ስፖንጅ በመለወጥ ይቃናል፤ ሁለተኛው ግን ሶፋውን ገልብጦ መፍታትን ይጠይቃል። ለገዢው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ይኸው መቀመጫ ከቦታው ተነሥቶ ያሳያል። ሁለት ነገር እናገኝበታለን። አንደኛ፣ መቀመጫው ከኋላው ዚፕ አለው፤ ስፖንጁ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መቀመጫው ሸፍኖት የነበረው ጨርቅ ከላይኛው ጨርቅ ይልቅ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ስለዚህ የላይኛው ጨርቅ ደብዝዟል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለምን ማወዳደር የሚቻለው በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ባሉ ሁለት ቦታዎች መካከል ነው እንጂ በሁለት ፎቶግራፎች መካከል አይደለም። የስልክ ካሜራ በየፎቶግራፉ ቀለሙን እንደ ብርሃኑ ስለሚያስተካክለው፣ በመስኮት ብርሃን ግራጫ የመሰለው ሶፋ በአምፖል ብርሃን ቢጫ ሊመስል ይችላል። ከሥር ያለው መደብ በፎቶግራፉ ደልደል ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሰው ሳይቀመጥበት የተነሣ ስለሆነ ጥንካሬውን አያስረዳም። ባለቤቱ በእጁ ተጭኖ እንዲነግረን እንጠይቃለን። እርሱም መደቡ ጠንካራ ነው ቢለን፣ «ባለቤቱ ተጭኖ እንዳየው» ብለን እንጽፋለን እንጂ የራሳችን ምስክርነት አናደርገውም።

አራተኛው ፎቶግራፍ የቀኙን እጅ መደገፊያ ያሳያል። የፊተኛው ጫፍ ጠቁሯል፤ ስፌቱም የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ተተርትሯል። በጎኑ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። እዚህ ላይ «ድመት የቧጨረችው» ለማለት ብዕር ይቸኩላል፤ ነገር ግን ድመቷን በፎቶግራፉ አላየናትም። «ቀጫጭን ጭረቶች አሉት» ማለት ይበቃል። ደግሞም «በቀኝ በኩል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለተቀመጠ ሰው ቀኝ የሆነው ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግራ ነውና «ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ በስተቀኝ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

አምስተኛው ፎቶግራፍ በግራው መቀመጫ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ክብ ያሳያል። እድፍ ነው ወይስ ጥላ? ይህን ለመለየት ያው ቦታ በሌላ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚታይ እናያለን። ጥላ ብርሃኑና ካሜራው ሲለወጡ ቦታውን ወይም ቅርጹን ይለውጣል፤ እድፍ ግን ከስፌቱ ያለው ርቀት አይለወጥም። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይም ክቡ በዚያው ቦታ ስላለ እድፍ ነው። መጠኑ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው። የቡና ይሁን የሌላ አናውቅም፤ በማጠብ ይለቅ አይለቅም አናውቅም፤ ስለዚህ «በቀላሉ የሚለቅ» አንልም።

ሶፋው የጨርቅ ባይሆን ኖሮ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣ ነበር፤ ይኸውም ቆዳ ነው ወይስ ቆዳ መሰል? ላዩ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሥሩ ጨርቅ የሚታይ ከሆነ ቆዳ መሰል ነው። እውነተኛ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይለቃል፤ ከሥሩ ግን የተሸመነ ጨርቅ አይወጣም። አለመላጡ ግን ቆዳ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ አዲስ ቆዳ መሰልም አይላጥምና።

ሦስተኛው ዐምድ ቀርቷል። ሽታን፣ ሲቀመጡበት የሚሰማ ድምፅን፣ የውስጡን እንጨት መሰንጠቅ፣ ትኋንን ፎቶግራፍ አያሳይም። የኋላው ገጽም በአምስቱ ፎቶግራፎች ውስጥ የለም። ያልታየውን «ምንም ጉዳት የለበትም» ብሎ ማለፍ ሐሰት ነው። ባለቤቱን እንጠይቃለን፤ መልስ ካላገኘንም አለመታየቱን እንጽፋለን።

አሁን ጽሑፉ ሊደራጅ ይችላል። ከስሙና ከመጠኑ ቀጥሎ ጉድለቶቹ ይመጣሉ፤ በመጀመሪያ ለመቀመጥ የሚያውኩት፣ ቀጥሎ መልኩን ብቻ የሚያበላሹት። እንዲህ ይሆናል፦

«የሚሸጥ ያገለገለ ሶፋ። ባለ ሦስት መቀመጫ፤ ቡናማ ጨርቅ። ባለቤቱ እንደለካው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። የመካከለኛው መቀመጫ ረግቧል፤ ዚፕ ስላለው ስፖንጁ ሊወጣ ይችላል። ከሥሩ ያለው መደብ ባለቤቱ ተጭኖ እንዳየው ጠንካራ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ በስተቀኝ ያለው እጅ መደገፊያ ጫፉ ጠቁሯል፤ ስፌቱ አንድ ጣት ያህል ተተርትሯል፤ ጎኑ ተጭሯል። በግራው መቀመጫ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል እድፍ አለ። የመቀመጫዎቹ ቀለም ከቀድሞው ደብዝዟል። የሌሎቹ ሁለት መቀመጫዎች ከፍታ እኩል ነው፤ በግራው እጅ መደገፊያ ላይ በፎቶግራፉ የሚታይ ጉዳት የለም። የኋላው ገጽ በፎቶግራፍ አልተነሣም፤ መጥቶ ማየት ይቻላል። ማጓጓዣው የገዢው ነው።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «እንደ አዲስ»፣ «ብዙ ያልተሠራበት» የሚሉ ቃላት አልገቡም፤ አንዳቸውም በፎቶግራፉ ላይ አይታዩምና። በሌላ በኩል ደግሞ «አሮጌና የተበላሸ ነው» አላልንም። ያም ቢሆን ልክ ያለፈ ነው፤ ደኅና የሆነውን ክፍል ሰውሮ ገዢውን በከንቱ ያርቃል። እያንዳንዱ ጉድለት ቦታና መጠን ከተሰጠው ገዢው ራሱ ይመዝነዋል። ዋጋውን የሚጨምረው ባለቤቱ ነው፤ ጉድለቶቹም ከዋጋው ላይ ታስበው ከሆነ ያንኑ ይጻፍ፤ ያለዚያ ገዢው በዚያው ጉድለት ሁለተኛ ጊዜ ይከራከራል። ከማስታወቂያው ጋር ከሚላኩት ፎቶግራፎችም የእድፉና የስፌቱ እንዳይቀሩ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ አንድ ፈተና አለ። ጽሑፉን ፎቶግራፎቹን ላላየ ጓደኛ እናንብብለትና ሶፋውን በወረቀት ላይ እንዲነድፍ፣ ጉድለቶቹንም በየቦታቸው እንዲያመለክት እናድርግ። ከዚያ ፎቶግራፎቹን እናሳየው። በፎቶግራፉ ላይ አይቶ «ይህስ?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር ካለ ከጽሑፉ የቀረው እርሱ ነው፤ በንድፉ ላይ ኖሮ በፎቶግራፉ የሌለ ነገር ካለም እኛ ከግምታችን የጨመርነው እርሱ ነው።