ቁልፉን ተረክበው አዝ ቢልቱን ሳይረከቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ። ውሉ የ90 ሚሊዮን ብር ነው። ጊዜያዊ ርክክብ ከተፈረመ ስምንት ወር ሆኖታል። የሕንፃው አስተዳዳሪ ሁለተኛ ፎቅ ኮርኒስ ላይ እርጥበት አይቶ የውሃውን መስመር ለመዝጋት ቫልቭ ይፈልጋል። እጁ ላይ ያለው ፕላን ቫልቩን ከመጸዳጃ ቤቱ በስተግራ፣ ዳክቱ ውስጥ ያሳያል። ዳክቱ ተከፍቶ ሲታይ ግን ቫልቭ የለም። ቧንቧው በግንባታው ወቅት በሌላ በኩል ዞሯል፤ በየት እንደዞረ የሚያውቀው የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ሳይት ገብቷል። የሚቀረው አማራጭ የሕንፃውን ውሃ በሙሉ መዝጋትና ግድግዳ እየቀደዱ መፈለግ ነው።

አስተዳዳሪው የያዘው ፕላን “አዝ ቢልት” የሚል ማኅተም አርፎበታል። ይዘቱ ግን ለጨረታ የቀረበው ንድፍ ነው፤ የተለወጠው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። በእኛ አገር ርክክብ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ጉድለት አላየሁም። ሐሰተኛውን ለመለየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በግንባታው ወቅት የተሰጡ የለውጥ ትእዛዞችን ይያዙና ሦስት አራቱን ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩ። ለምሳሌ በደብዳቤ እንዲነሣ የታዘዘ ግድግዳ ሥዕሉ ላይ አሁንም ቆሞ ከሆነ፣ ያ ሰነድ የተሠራውን አያሳይም። ቀጥሎ አንድ ፎቅ ላይ የመብራት ፓኔሉን ከፍተው አንድ ብሬከር ያጥፉ። የሚጠፉት መብራቶችና ሶኬቶች ሥዕሉ ከሚለው ጋር ካልገጠሙ ሌላውንም ክፍል መጠራጠር ይገባል።

አሁን ወደ መብቱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት አዝ ቢልትና የጥገና ማኑዋል በማንኛውም የግንባታ ውል ውስጥ በራሱ ያለ ግዴታ ስለሚመስላቸው ነው። በብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚሠራበትን የፊዲክን ቀይ መጽሐፍ ብንወስድ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ አንቀጽ 4.1 ሰነዶቹን ከማጠናቀቂያ ፍተሻ በፊት እንዲያስረክብ ተቋራጩን ያስገድደዋል። ሰነዶቹ እስኪቀርቡም ድረስ ሥራው ለርክክብ እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም። ይህ ግን ተቋራጩ ራሱ ዲዛይን ላደረገው ክፍል ብቻ ነው። ዲዛይኑን የሠራው የእርስዎ አማካሪ ከሆነ አንቀጹ አይደርስልዎትም። በ2017ቱ እትም አዝ ቢልት በ4.4.2፣ ማኑዋል ደግሞ በ4.4.3 ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ሆኖም በቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ ካልተጠየቁ ተፈጻሚ አይሆኑም። ስለዚህ ውሉ ሲዘጋጅ ቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባ አንድ ገጽ በኋላ ከሚደረግ ረጅም ክርክር ያድናል።

ውሉ ዝም ካለስ? መብት የለዎትም ማለት አይደለም፤ ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ሸክም ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1713 ተዋዋዮች የሚገደዱት በጽሑፉ ባለው ብቻ ሳይሆን ልማድ፣ ርትዕና ቅን ልቡና እንደ ውሉ ጠባይ በሚያስከትሉትም ጭምር ነው ይላል። ሊፍት፣ ጄነሬተርና የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ የተገጠመለትን ሕንፃ ያለ ሽቦ ሥዕልና ያለ ማኑዋል ማስረከብ ከዚህ ጋር አይሄድም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ይህ ክርክር ለሜካኒካልና ለኤሌክትሪክ ሥራ ጠንካራ ነው እላለሁ። ለአንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ግን ብዙ አልተማመንበትም።

ወደ ሕንፃችን ልመለስና ውሉ ሰነዶቹን በግልጽ ይጠይቃል እንበል። ሪቴንሽኑ 5 በመቶ፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን ብር ነበር። ግማሹ ጊዜያዊ ርክክቡ ላይ ተለቋል። የቀረው 2.25 ሚሊዮን ብር የ12 ወሩ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አልቆ የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ የሚለቀቅ ነው። ባለቤቱ ገና አራት ወርና ገንዘብ በእጁ አለው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያደርገው በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 አለመፈጸምን መከራከሪያ ለማድረግ ማስጠንቀቂያን ይጠይቃል። “ሰነዶቹ ይሟሉልን” የሚል ደብዳቤ ግን ደካማ ነው። “የውሃ መስመር ሥዕል ቁጥር ይህ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቫልቩ በተጻፈበት ቦታ የለም፤ በ21 ቀን ውስጥ ተስተካክሎ በወረቀትና በካድ ፋይል ይቅረብ” የሚለው ፍርድ ቤትም ግልግልም ፊት ይቆማል።

ቀኑ ካለፈ በቁጥር 1777 መሠረት ባለቤቱ ሥራውን በተቋራጩ ወጪ በሌላ ለማሠራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃድ የምትለዋን ቃል አይዝለሏት፤ ውሉ ራሱ ካልፈቀደልዎ በቀር አሠርተው ሒሳቡን በኃይል መቁረጥ እርስዎን ተከሳሽ ሊያደርግ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ከሌላ ድርጅት የዋጋ ማቅረቢያ ይውሰዱ። መስመሮቹን ፈልጎ እንደገና ለመሣል 900 ሺህ ብር ከተባለ፣ በሪቴንሽኑ ላይ የሚይዙት መጠን ይህ ነው። በፊዲክ የ1999 እትም አንቀጽ 14.9ም መሐንዲሱ ሳይለቅ እንዲያቆይ የተፈቀደለት የቀረውን ሥራ ግምታዊ ዋጋ ነው። በ900 ሺህ ብር ምክንያት 2.25 ሚሊዮኑን በሙሉ ማገድ አያዋጣም።

ማንኛውም ነገር ግን ከጊዜያዊ ርክክቡ ፊርማ በፊት ይቀልላል። የርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ “ሰነዶች ተሟልተው ቀርበዋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ ታትሞ ይመጣል። ይሰርዙት፤ በምትኩ የቀሩትን አንድ በአንድ ከቀን ጋር ያስጽፉ። በዝርዝሩ ውስጥ ሥዕሎቹ ብቻ ሳይሆኑ የኮንክሪት ጥንካሬ ፍተሻ ውጤቶች፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ፣ የየመሣሪያው የዋስትና ወረቀት በባለቤቱ ስም፣ የጄነሬተሩና የፓምፖቹ ማኑዋል ይግቡ። የሊፍቱን የመቆጣጠሪያ ሳጥን የጥገና ኮድ አይርሱ። ኮዱን ሊፍቱን የገጠመው ድርጅት ብቻ ከያዘው በጥገና ዋጋ ላይ መደራደሪያ አይኖርዎትም።

የአፈር ሪፖርቱን ለምን እንደጠቀስኩ ላስረዳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ይጠየቃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። በሰባተኛው ዓመት ምድር ቤቱ ሲሰነጠቅ ግን ተቋራጩ “በኋላ ግድግዳ አፍርሳችኋል፣ ጭነት ጨምራችኋል” ማለቱ አይቀርም። ሕንፃው በርክክቡ ቀን ምን እንደነበረ የሚያሳየው አዝ ቢልቱ ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪ ለሆኑ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው፤ እርስዎ በግንባታው ውል ላይ የሉበትም። በራስዎ ስም የጻፉትን ማስጠንቀቂያ ተቋራጩ ፋይል አድርጎ ሊተወው ይችላል። ባለቤቱ በጽሑፍ ውክልና ይስጥዎ፣ ወይም ደብዳቤው በባለቤቱ ፊርማ ይውጣ። በአስተዳደር ውልዎ ላይም ሕንፃውን ሲረከቡ የትኞቹ ሰነዶች እንዳልተሰጡዎት ይጻፍ፤ ቫልቭ ፍለጋ የተቀደደው ግድግዳ ወጪ በእርስዎ ላይ እንዳይመጣ የሚያደርገው ያ መስመር ነው።