ከጌጅ ወደ ሚሊሜትር፦ ለአነስተኛ መኖሪያ ቤት ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ቀለም በዝርዝር መግለጫ ስለ መምረጥ

በአዲስ አበባ ዳርቻ 7 በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው ከሁለት ሻጮች ዋጋ ቢጠይቅ፣ ሁለቱም «28 ጌጅ» ብለው ጽፈው የተለያየ ዋጋ ሊያቀርቡለት ይችላሉ። ባለቤቱ ርካሹን ይመርጣል፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ዕቃውም አንድ ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በዚህ ግምት ውስጥ ያለውን ስሕተት ነው። የግንባታ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር አንድን ነገር ብቻ ይለካል፤ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ያነብበታል።

ጌጅ የውፍረት መለያ ተራ ቁጥር እንጂ የውፍረት መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ነገር ግን በምን ያህል እንደሚሳሳ የሚወስነው የተጠቀሙበት ሠንጠረዥ ነው። በአሜሪካ የዚንክ ቅብ ቆርቆሮ ሠንጠረዥ 28 ጌጅ 0.475 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በእንግሊዝ የሽቦ ሠንጠረዥ 0.376 ሚሊሜትር፣ በበርሚንግሃም የቆርቆሮ ሠንጠረዥ ደግሞ 0.397 ሚሊሜትር ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ያላነሰ ሆኖ ሳለ ሦስቱም ሻጮች እውነቱን ተናግረዋል ማለት ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት በሚሊሜትር የተገለጸ ውፍረት ነው፤ ጌጅ ቢጠቀስ እንኳ ከጎኑ ብቻ ይሁን።

የተጻፈውን ውፍረት ለማረጋገጥ ከማይክሮሜትር ይልቅ ሚዛን ይሻላል። ማይክሮሜትር በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረውን ሻካራ ብረት፣ በቀለም ቅብ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ቀለሙን ጭምር ይለካል። የብረት እፍጋት በኩቢክ ሜትር 7850 ኪሎግራም ስለሆነ፣ 0.4 ሚሊሜትር ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 3.14 ኪሎግራም ይመዝናል። ገዢው የአንዱን ቆርቆሮ ርዝመት ይለካል፤ ስፋቱን ግን ቀጥ ብሎ ሳይሆን ክር በሞገዱ ላይ እያስኬደ ይለካዋል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ የተዘረጋው ስፋት 0.9 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ አሥር ቆርቆሮ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ 56.5 ኪሎግራም ገደማ፣ 0.3 ሚሊሜትር ከሆነ 42.4 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። አሥሩን አንድ ላይ መመዘን የሚመከረው በአንዱ ላይ ያለው የፋብሪካ መለዋወጥ እንዲቻቻል ነው። የ14 ኪሎግራም ልዩነትን የእህል ሚዛን እንኳ አይስተውም።

ውፍረት የሚወስነው ግን ጥንካሬን ነው። የሞገዱ ቅርጽ አንድ ሆኖ ውፍረቱ ከ0.4 ወደ 0.3 ቢወርድ፣ የመጉበጥ መቋቋሙ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህም ሞራሌዎቹ ይበልጥ ተቀራርበው እንዲመቱ ያስገድዳል፤ አለዚያ አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ የሚስማሩም ቀዳዳ ይሰፋል። ጣሪያው ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ከዚህ ይልቅ ዚንኩ ነው። ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ይህን ነው።

የዚንክ ልባስ የሚገለጸው በሁለቱም ገጽ ላይ ባለው ጠቅላላ ግራም በካሬ ሜትር ነው። ዜድ 275 ማለት በእያንዳንዱ ገጽ 19 ማይክሮን ያህል፣ ዜድ 100 ማለት ደግሞ 7 ማይክሮን ያህል ዚንክ ነው። አይኤስኦ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ መካከለኛ ብሎ በሚመድበው አየር ውስጥ ዚንክ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ይበላል። እንዲህ ከሆነ ዜድ 100 ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ ዜድ 275 ከ9 እስከ 27 ዓመት ብረቱን ይጠብቃል። ሁለቱም ቆርቆሮዎች ውፍረታቸው አንድ፣ ክብደታቸውም ሊቀራረብ ይችላል፤ በዓይንም አዲሱ ሁሉ ያብረቀርቃል። ልዩነቱን የሚገልጸው የፋብሪካው የምርመራ ሰነድ ወይም የቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ ነው፦ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቁራጭ ተመዝኖ፣ ዚንኩ በአሲድ ከተሟሟ በኋላ ዳግመኛ ሲመዘን ዜድ 275 ከሆነ 2.75 ግራም፣ ዜድ 100 ከሆነ 1 ግራም ያህል ይጎድለዋል።

አልሙኒየም የተጨመረበትን ልባስ በግራም ብቻ ከዚንክ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ልባሱ ቀላል ስለሆነ 150 ግራሙ ከ275 ግራም ዚንክ ጋር የሚስተካከል ውፍረት አለው። በአንጻሩ እርጥብ የሲሚንቶ ድብልቅ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ጣሪያው ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በሲሚንቶ መድፈን ለዚህ ዓይነቱ ቆርቆሮ አይገባም።

በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለው 32.5 ወይም 42.5 የሚለው ቁጥርም እንዲሁ ይታለፋል። ቁጥሩ ደረጃውን የጠበቀ የሲሚንቶና አሸዋ ናሙና በ28 ቀን ሊደርስበት የሚገባውን ዝቅተኛ የመጨመቅ ጥንካሬ በሜጋ ፓስካል ይገልጻል። ኦፒሲ እና ፒፒሲ የሚሉት ፊደላት ግን ስለ ቅንብሩ ይናገራሉ፦ ሁለተኛው ከክሊንከር ሌላ እንደ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለ ፖዞላና ይዟል። ፒፒሲ ሁሉ ደካማ ነው የሚለው የግንበኞች አባባል ከዚህ መደባለቅ የመጣ ይመስላል። የፖዞላናው ሥራ ዘግይቶ የሚጀምር እንጂ የማይኖር አይደለም፤ ውሃ እስካገኘ ድረስ ጥንካሬው ከ28 ቀን በኋላም ይጨምራል።

ለተጠቀሰው ቤት ይህ በሁለት ቦታ ይለያያል። ለግንብና ለልስን የ32.5 ፒፒሲ ይበቃል፤ ድብልቁም ለመለሰን ይመቻል። ለዓምድና ለማሰሪያ ቢም ግን 42.5 ይመረጣል። ጉዳት የሚደርሰው ዓምዱ በፒፒሲ ተሞልቶ ካሳፎርማው በኦፒሲ የጊዜ ልማድ ሲነሣ ነው፦ ጠርዙ ይረግፋል፣ ቢሙም ከመሐል ይጎብጣል። ፒፒሲ ብቻ ከተገኘ የቢሙ ድጋፎች መቆየት፣ ኮንክሪቱም ቢያንስ ለ10 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። የፋብሪካው ቀን ያልታተመበትን ወይም በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘን ከረጢት ለዓምድ ማዋል አይገባም፤ እርጥበት ቀድሞ ነክቶታልና።

በቀለም ረገድ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ቁጥር የጠጣር ይዘት በመቶኛ ነው፤ ይኸውም ውሃው ከተነነ በኋላ በግድግዳው ላይ የሚቀረው የቀለሙ ድርሻ ነው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ላይ ሲቀባ እርጥቡ ሽፋን 100 ማይክሮን ይሆናል። ጠጣሩ 40 በመቶ ከሆነ 40 ማይክሮን፣ 25 በመቶ ከሆነ 25 ማይክሮን ይቀራል። ስለዚህ ዋጋ በባልዲ ሳይሆን በሚቀረው ጠጣር ተከፍሎ ይነጻጸር፤ 40 በመቶ ጠጣር ያለው ቀለም በሊትር በግማሽ ቢወደድም ከሌላው ይረክሳል። ቀቢው ሌላ ግማሽ ሊትር ውሃ ቢጨምርበት 40 የነበረው ወደ 27 ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ የተከፈለው ጭማሪ ከንቱ ቀርቷል።

የዘይት ቀለም በአዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ሲቀባ ደግሞ የተለየ ብልሽት ይታያል። የልስኑ አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ በሳምንታት ውስጥም ይላጣል። ችግሩ የቀለሙ ጥራት ስላልሆነ ውድ ቀለም አያድነውም፤ በውሃ የሚቀጥን ቀለም፣ ወይም አልካሊ የሚቋቋም የመጀመሪያ ቅብ ያስፈልጋል። ልስኑ መድረቁን ለማወቅ አንድ ካሬ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ለአንድ ሌሊት መተው ይቻላል፤ ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ከታየ ቀቢው ሌላ ቀን ይመለሳል።